ቡችላ ነክሳኝ ክትባት ጀመርኩ፣ ግሎቡሊኑ ግን ቀረ፦ አሁን ብወስደው ይረፍዳል?

መነሻ ጥያቄ

ባለፈው ሐሙስ አመሻሽ ላይ አንዲት ባለቤት የሌላት ቡችላ የግራ እጄን ጠቋሚ ጣት ነከሰችኝ። ቢበዛ ሁለት ወር ቢሆናት ነው። ደጃፍ ላይ ስትንቀጠቀጥ አይቼ ላነሳት ጎንበስ አልኩ። ደንግጣ ነው መሰለኝ ጣቴን ያዝ አደረገችው። ሁለት የጥርስ ምልክት ቀረ። አንዱ ቆዳዬን ጫር ብቻ ነው ያደረገው፣ ሌላው ግን ጠለቅ ብሎ ደም አወጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልናዘዝ። ውሃ አፈሰስኩበት፣ አልኮል ነካ አደረግኩበት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ተኛሁ። ሳሙና የሚባል ነገር አልነካሁም። አርብ ጠዋት ጣቴ አብጦ ሳየው ነው ክሊኒክ የሮጥኩት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተወጋሁ፣ ካርድም ተሰጠኝ። ካርዱ ላይ 0፣ 3፣ 7፣ 14፣ 28 የሚሉ ቀኖች አሉ። የወጋኝ ነርስ ከክትባቱ ጋር ግሎቡሊን የሚባል ሌላ መርፌ እንደሚያስፈልገኝ፣ ግን ለጊዜው እንዳለቀባቸውና ሲገባ እንደሚደውልልኝ ነገረኝ። አልደወለም። ሰኞ 2ኛውን ስወጋ ያገኘሁት ሌላ ሰው ነው፣ ስለ ግሎቡሊን አላነሳም። እኔም ረሳሁት።

ቡችላዋ እስከ ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ነበረች። ከእሁድ ጀምሮ ግን የት እንደገባች የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ክትባት ከጀመርኩ በ4ኛው ቀን ግሎቡሊኑ ቢገኝ ይጠቅመኛል? ወይስ ክትባቱ ብቻውን ይበቃል?

(ይህን የጠየቅኩበት የውይይት ክር ከሳምንት በላይ ቆይቶ ረዝሟል። ከላይ እስከ ታች ማንበብ ለሚሰለቸው መልሶቹን በራሴ አነጋገር በቅደም ተከተል ከታች አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው በጣም ትሁት ነበር። እህቴ ብሎ ጀመረ፣ እኔ ወንድ ነኝ። አይዞሽ፣ ቡችላ በዚህ ዕድሜዋ ገና የእናቷን ጡት ስለምትጠባ የእብድ ውሻ በሽታ አይኖርባትም የሚል ሐሳብ ነው የጻፈው። እሱም በልጅነቱ ስንት ቡችላ እንደነከሰው ቆጥሮ አይጨርሰውም፣ ይኸው ደህና ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳነብ እፎይ ብዬ ነበር። ለሩብ ሰዓት ያህል።

መልስ 2

ሁለተኛዋ ክትባት ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራች ነርስ ናት። መልስ 1ን ስድብ ሳትጨምር፣ ግን ሳታለሳልስ አፈረሰችው። ዕድሜ ከዚህ በሽታ አይከላከልም። ቡችላ ከታመመ ውሻ፣ ከገዛ እናቷም ጭምር ልትነከስ ትችላለች። እንዲያውም ቡችላ የባሰች የምትሆንበት ምክንያት አለ፦ ባለቤት የሌላት ቡችላ ክትባት አታገኝም፣ ሰው አይፈራትም፣ ያቅፋታል፣ ንክሻዋንም ጨዋታ ነው ብሎ ያልፈዋል። መንቀጥቀጧ ከብርድ ሊሆን ይችላል፣ ከበሽታውም ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሆኖ የሚለይ የለም።

ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ደም ወጥቷል? የመጀመሪያው ክትባት የተወጋው በየትኛው ቀን ነው? ከዚህ በፊትስ በሕይወትህ የዚህ በሽታ ክትባት ወስደህ ታውቃለህ? ደም እንደወጣ ቀድሜ ጽፌያለሁ። ክትባቱ አርብ ነው የተጀመረው። ከዚህ በፊት ወስጄ አላውቅም።

እንግዲያው አልረፈደም አለች። ግሎቡሊን ከመጀመሪያው ክትባት ጋር በአንድ ቀን ቢሰጥ ይመረጣል፣ ካልተገኘ ግን እስከ 7ኛው ቀን ድረስ ይሰጣል። ቆጠራው የሚነሳው ከንክሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ክትባት ነው። ክትባቱ የተወጋበት ቀን 0 ተብሎ ስለሚቆጠር የእኔ 7ኛ ቀን የሚቀጥለው አርብ ነበር። ስልክ እየጠበቅክ እንዳትቀመጥ፣ ራስህ ሄደህ ሌላም ቦታ ጠይቅ ብላ ጨረሰች።

መልስ 3

ይህኛው ሰውዬ ሳያነብ ነው የገባው። እሱን ሁለት ጊዜ ውሻ ነክሶታል። በሁለተኛው ጊዜ የተሰጠው ሁለት መርፌ ብቻ ነው፣ አንዱ በመጀመሪያው ቀን፣ ሌላው በ3ኛው። ግሎቡሊን የሚባል ነገር ማንም አላነሳበትም። ስለዚህ 5 መርፌና ግሎቡሊን የሚሉኝ ሰዎች እየተጫወቱብኝ ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 4

ነርሷ ተመለሰች። ሰውዬው ስለ ራሱ የጻፈው ልክ ነው፣ ስለ እኔ ያለው ግን ስህተት ነው። እሱ በመጀመሪያው ንክሻ ክትባቱን ጨርሷል። ሰውነቱ ትምህርቱን አልረሳም፣ ማስታወሻ ብቻ ነው የሚፈልገው። ማስታወሻው ደግሞ በ0 እና በ3ኛው ቀን የሚሰጡት ሁለት መርፌዎች ናቸው። ግሎቡሊን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አይሰጥም። ሦስተኛውን ጥያቄ የጠየቀችኝም ለዚህ ነበር። ሰውዬው ሌላ አልጻፈም፣ ግን መልሷን ወዶላታል።

መልስ 5

እዚህ ጋ እኔ ገባሁ። ለምን 7 ቀን? 8ኛው ቀን ምን ይለወጣል? ግሎቡሊኑ ጥሩ ነገር ከሆነ ዘግይቶም ቢሆን ይጠቅም የለ እንዴ ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 6

ከክሩ ሁሉ የረባኝ መልስ ይህ ነው። የጻፈው ሰው ሐኪም ነኝ አላለም፣ አጻጻፉ ግን ሥራውን ይናገራል።

ነገሩን እንዲህ አስረዳ። ቫይረሱ ከምራቁ ጋር ቁስል ውስጥ ይገባል። ወደ ደም ገብቶ ሰውነት ሁሉ አይዞርም። እዚያው ቁስሉ አካባቢ ይቆይና ነርቭ ካገኘ በነርቩ ላይ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፣ አንዳንዴ ያነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ ነው። አንጎል ደርሶ ምልክት ካሳየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። የመዳን ዕድሉ ኢምንት ነው።

ክትባቱ ሰውነት ራሱ ቫይረሱን የሚከላከል አንቲቦዲ እንዲሠራ ያስተምረዋል። ትምህርቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ግድም። በእነዚያ ቀኖች ቁስሉ ጠባቂ የለውም ማለት ነው። ግሎቡሊን ደግሞ ሌላ አካል ሠርቶ የጨረሰው አንቲቦዲ ነው፣ ከሰው ወይም ከፈረስ ደም የተወሰደ። ዘብ እስኪሠለጥን ድረስ ከጎረቤት የተዋስከው ዘብ በለው አለ። ከ7ኛው ቀን በኋላ የራስህ ዘብ መድረስ ስለሚጀምር ብድሩ አይጠቅምም። ይባስ ብሎ ሰውነትህ በራሱ እንዳይሠራ ሊያዘናጋው ይችላል።

የትና ስንት የሚለውንም በእኔው ኪሎ አሰላልኝ። 60 ኪሎ እንደምመዝን ጽፌ ነበር። ከሰው የሚገኘው ግሎቡሊን ለ1 ኪሎ 20 ዩኒት ነው፣ ስለዚህ ለእኔ 1200 ዩኒት ይሆናል። በአንድ ሚሊ ሊትር 150 ዩኒት ያለው ዓይነት ከሆነ 8 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከፈረስ የሚገኘው በኪሎ 40 ዩኒት ስለሆነ 2400 ይደርሳል። ይህ ጣሪያው ነው። ከዚያ በላይ ቢሰጥ የክትባቱን ሥራ ያዳክማል።

ቀጥሎ የጻፈውን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ግሎቡሊኑ የሚሠራው ቁስሉ ውስጥና በቁስሉ ዙሪያ ሲወጋ ነው። ክንድ ላይ ብቻ ተወግቶ ከተላክህ የተዋስከውን ዘብ የሰፈሩ ሌላ ጫፍ ላይ አቁመኸዋል። ጣት ደግሞ ቦታ የለውም። 8 ሚሊ ሊትር ጣት ውስጥ ሊገባ አይችልም፣ 1 ሚሊ ሊትር እንኳ ከገባ ብዙ ነው። በቀጭን መርፌ፣ በዝግታ፣ የጣቱን ቀለም እያዩ ነው የሚወጋው። ጣቱ ተወጥሮ ከነጣ ደም እየታገደ ስለሆነ ማቆም ነው። ቁስሉ ቢድንም ጠባሳው ባለበት ዙሪያ ይወጋል። ክትባቱና ግሎቡሊኑ በአንድ ስሪንጅ አይቀላቀሉም፣ አንድ ቦታም አይወጉም።

መልስ 7

ከዚህ በኋላ የሚያቃጥል ሰው መጣ። ለግሎቡሊን ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው እንዴት አንድ ሳሙና ጠፋበት ብሎ ጀመረ። ሲቀጥልም፣ ሰው ሁሉ ታጠብኩ ይላል፣ እውነቱ ግን አጠጣሁት ነው አለ። ተናደድኩ፣ ግን ልክ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውንም አልማረኝም። ከውሻ ጉዳይ ጋር መግጠሙን ግን ልክድ አልችልም።

የእሱ መመሪያ ቀላል ነው። በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ። ሰዓት እያየህ፣ 15 ሙሉ ደቂቃ። ቫይረሱ ላዩ ላይ ቅባትነት ያለው ሽፋን አለው፣ ሳሙና ያንን ሽፋን ስለሚያሟሟው ይሞታል። ውሃ ብቻውን ያጥባል እንጂ አይገድልም። ከዚያ በኋላ አዮዲን ወይም ሌላ ቫይረስ የሚገድል ፈሳሽ ይቀባል። ዘይት፣ ቅጠል፣ አፈር፣ ምንም አይደረግበትም። አጥብቆ ማሰርም የለም።

መልስ ከመጻፌ በፊት ሞከርኩት። ሰዓት ይዤ የደኅናውን እጄን በሳሙና ማጠብ ጀመርኩ። በ4ኛው ደቂቃ ሰለቸኝ። 15 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ያልሞከረው አያውቀውም።

መልስ 8

ነርሷ ሁለት ነገር ጨመረች። አንደኛው፣ የጥርስ ቀዳዳ አፉ ጠባብ ውስጡ ጥልቅ ስለሆነ ውሃው ወደ ውስጥ እንዲገባ ከፈት አድርጎ ማፍሰስ ይሻላል፣ በብሩሽ መፈግፈግ ግን ሥጋውን ያቆስለዋል። ሁለተኛው፣ ቤት ያልታጠበ ሰው ክሊኒክ ሲደርስ ከመርፌው በፊት መታጠብ አለበት። ከሰዓታት በኋላም ቢሆን ይታጠባል። እኔ አርብ ጠዋት ስደርስ ማንም አላጠበኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሰፋ ያለ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይሰፋም። መሰፋቱ ግድ ከሆነ ግሎቡሊኑ መጀመሪያ ይወጋና ክሩ ላላ ተደርጎ ይሰፋል። የቴታነስ ክትባትም አብሮ መታየት አለበት አለች።

መልስ 9 እና 10

እዚህ ክሩ መንገዱን ሳተ። አንድ አዛውንት አጎታቸው ሆዳቸው ላይ 21 መርፌ እንደተወጉ አስታወሱ። በየቀኑ ሲሄዱ ልጆች ተከትለው ይቆጥሩላቸው ነበር። ዛሬም ሰው ውሻ ሲነክሰው ክሊኒክ ከመሄድ የሚደበቀው ያን ወሬ ስለሰማ ነው የሚል እምነት አላቸው። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔም አርብ ዕለት ሸሚዜን ለመግለጥ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት።

ቀጥሎ የገባ የታሪክ አስተማሪ ዕድሉን አላሳለፈም። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በ13 መርፌ እንዴት እንዳተረፈው ተረከ። የአጎታቸው የሆድ መርፌ የዚያ ዘመን ቅጥያ ነው። ከእንስሳት የነርቭ ሥጋ የሚሠራ ስለነበር ደካማ ነበር፣ ለዚህ ነው ብዙ የሚያስፈልገው። የአሁኑ በሕዋስ ውስጥ የሚመረት ነው፣ ክንድ ላይ ይወጋል። ለትንንሽ ልጆች ጭን ላይ ነው። መቀመጫ ላይ አይወጋም፣ እዚያ ስብ ስለሚበዛ ክትባቱ በደንብ አይሠራም።

መልስ 11

አንዲት ወጣት እሷ በመጀመሪያው ቀን በሁለቱም ክንዷ ሁለት መርፌ እንደተወጋች ጻፈች። እኔ አንድ ብቻ ስለተወጋሁ ግማሹን አጉድለውብኛል ማለቷ ነው። ግሎቡሊን ካጣሁ ደግሞ የሚቀጥለውን መርፌ እጥፍ አድርገው ቢሰጡኝ እንደሚያካክስ መከረች። ምክሯ ከልብ ነበር፣ ችግሩ ግማሹ ነው እውነት የነበረው።

መልስ 12

የመልስ 6 ሰውዬ ይህን ያስተካከለበት መንገድ ደስ ይላል። ሁሉም የራሱን ካርድ እያየ የሌላውን የተሳሳተ ይመስለዋል አለ። የእሷ አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን ሁለት፣ በ7ኛው ቀን አንድ፣ በ21ኛው ቀን አንድ ነው፣ በድምሩ 4። የእኔው 0፣ 3፣ 7፣ 14፣ 28 ነው፣ በድምሩ 5፣ አንዳንድ ቦታ የመጨረሻው ቀርቶ 4። ሌላም አለ፦ ቆዳ ውስጥ ጥቂት ጥቂት በሁለት ቦታ እየተወጋ በ0፣ በ3 እና በ7ኛው ቀን የሚያልቅ። ሁሉም ይሠራሉ። አንዱን ጀምሮ ያለ ምክንያት ወደ ሌላው መዝለል ግን አይመከርም። ቀን ካለፈህ ካቆምክበት ትቀጥላለህ፣ እንደገና ከ0 አትጀምርም።

እጥፉን በተመለከተ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠ። ክትባት እጥፍ ቢሆን ግሎቡሊን አይሆንም። የፈለገውን ያህል አስተማሪ ብታበዛ ሥልጠናው በአንድ ቀን አያልቅም። ግሎቡሊን ጨርሶ ካልተገኘ ግን ቁስሉን በደንብ ማጠብና ክትባቱን በጊዜው መጨረስ ብቻውንም ብዙ ሰው አትርፏልና ክትባቱን ማቆም አይታሰብም። እጥረት ሲኖር ግሎቡሊኑ ቅድሚያ የሚሰጠው ብዙ ቦታ ለተነከሰ፣ ቁስሉ ለጠለቀ፣ ራሱን፣ አንገቱን ወይም እጁን ለተነከሰ ሰው ነው። እጅ ነርቭ ስለሚበዛበት የእኔ ጣት ትንሽ ብትሆንም ተራዋ ከኋላ አይደለም። ደሙ ባይወጣ ኖሮ፣ ማለትም ያ ጫር ያደረገው ጥርስ ብቻ ቢሆን፣ ክትባቱ ብቻውን በበቃ ነበር። ልዩነቱ ያቺ አንዲት ቀዳዳ ናት።

መልስ 13

አንድ ሰው ቡችላዋ እስከ ቅዳሜ ደህና ከነበረች ታማ አልነበረችም፣ ክትባቱንም ማቆም ይቻላል አለ። ነርሷ ወዲያው ደረሰችበት። የታመመ ውሻ በምራቁ ቫይረስ የሚያስወጣው ምልክት ሊያሳይ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ነው። ለዚህ ነው 10 ቀን የሚጠበቀው። ከነከሰ በኋላ 10 ቀን ሙሉ በዓይን እየታየ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ቀን ምራቁ ንጹሕ ነበር ማለት ነው፣ ያኔ ክትባቱ ሊቆም ይችላል። የእኔዋ የታየችው 2 ቀን ነው። የጠፋ ውሻ እንደታመመ ነው የሚቆጠረው። ደግሞም 10 ቀን መጠበቅ ክትባቱን እየወሰዱ እንጂ እጅን አጣጥፎ አይደለም።

መልስ 14 እስከ 16

ይህን ክፍል ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። አንዱ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በሙሉ ማጥፋት ነው መፍትሔው አለ። ሌላዋ አንተን ቀድሞ ማጥፋት ነው በሚል ዓይነት መለሰችለት። ሦስተኛው ጠብ ሲያበርድ ቁም ነገር አመጣ። የውሻ ግድያ በሽታውን አያቆመውም፣ በተገደሉት ቦታ ያልተከተቡ አዲስ ውሾች ይገባሉ። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን በሽታው የሚተላለፍበት ያጣል። አወያዩ ሁለት አስተያየት አጠፋና ወደ ጥያቄው እንድንመለስ አዘዘ። እኔም አመሰገንኩት።

መልስ 17

ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ አንድ ዝምተኛ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈ። ቡችላዋ እስከ ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ከነበረች ሌላ ማን ነው ያቀፋት?

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ማንም አላሰበውም ነበር።

መልስ 18

ሐሙስ ማታ የእኔን ዜና ጻፍኩ። ያ ክሊኒክ አሁንም አላመጣም። ረቡዕ ሁለት ቦታ ጠይቄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሐሙስ ጠዋት በሦስተኛው አገኘሁት። 6ኛው ቀን ነበር።

ሐኪሟ መጀመሪያ ክንዴ ላይ ልትወጋው ስትል ስለ ቁስሉ ጠየቅኳት። ካርዴን አየችና ጣቴን አየች፣ ከዚያ መርፌውን በቀጭን ለወጠችው። ጠባሳው ዙሪያ በሦስት አቅጣጫ ወጋችው። ገባ የምለው ከ1 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ከውሻው ጥርስ ይልቅ ይህ ነው ያሳመመኝ፣ አልዋሽም። ጣቴ ሲነጣ አቆመች፣ ቀለሙ እስኪመለስ ጠበቀች፣ ቀጠለች። ማታ ድረስ ሲጠዘጥዘኝ ዋለ። የተረፈውን ጭኔ ላይ ወጋችኝ። በማግስቱ አርብ 3ኛውን ክትባት በቀኝ ክንዴ ወሰድኩ።

መልስ 19 እና 20

የተረፈው ጭን ላይ መወጋቱ አዲስ ክርክር አስነሣ። የመልስ 6 ሰውዬ ይህ የድሮ ልማድ ነው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ቁስሉ የቻለውን ያህል ይወስዳል፣ የተረፈው ከቁስል በራቀ ጡንቻ ላይ መወጋቱ ብዙ ስለማይጨምር ለሌላ ሰው ቁስል ይቆጠባል። በእኔ ጭን የገባው 7 ሚሊ ሊትር ለሌሎች ሰዎች ጣት ይበቃ ነበር ማለት ነው። ነርሷ አልተስማማችም። እሷ የምትሠራበት መመሪያ የተረፈውን ከክትባቱ ርቆ ጡንቻ ላይ ስጡ ይላል፣ መድኃኒቱ ለአንድ ሰው ከተከፈተ በኋላ በንጽሕና ማካፈልም በሁሉም ቦታ አይቻልም። ሁለቱም አልተሸናነፉም። የትኛው ልክ እንደሆነ እኔ ልፈርድ አልችልም። ብቻ ረቡዕ ሁለት ቦታ ለምን ባዶ እንደሆነ ሳስብ የሰውዬው ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

መልስ 21

መልስ 17ን ያነበብኩ ማታ ደጃፍ ደጃፉን ጠይቄ ነበር። የጎረቤት ልጅ አርብና ቅዳሜ ከቡችላዋ ጋር ሲጫወት ነበር የዋለው። 18 ኪሎ ነው። አንጓው ላይ የደረቀች ቀይ መስመር አለች። እናቱ ደም መውጣቱን አታስታውስም፣ እሱ ደግሞ አንዴ አዎ አንዴ አይደለም ይላል። እዚያው ውሃ ጋ ሄደው በሳሙና አጠቡት። እኔ ሰዓት ያዝኩ። በማግስቱ ከእናቱ ጋር አብረን ይዘነው ሄድን፣ ያቺው ሐኪም ነበረች።

እኔ የጠበቅኩት ክትባት ብቻ እንደሚሰጡት ነው፣ መስመሯ ቀጭን ስለሆነች። ሐኪሟ ግን ቆዳው መቀደዱን በማጉያ አየችና፣ ደም ወጣ አልወጣ ብለን ከልጅ ጋር ስንከራከር ከምንውል እንደወጣ እንቁጠረው አለች። 360 ዩኒት፣ 2 ሚሊ ሊትር ተኩል ገደማ። አብዛኛው መስመሯ ሥር ገባ። ልጁ ከእኔ ያነሰ ነው የጮኸው።

መልስ 22

ነርሷ ለልጁ እናት የጻፈችው ነው። የእሱ 0ኛ ቀን ከእኔው 6ኛ ቀን ጋር ስለሚገጥም ካርዶቻችን እንዳይምታቱብን፣ የእኔን እያየች የእሱን እንዳትቆጥር አስጠነቀቀች። ሁለታችንም በክትባቱ ቀን ዋዜማ ማለዳ ቀጠሮውን የሚያስታውሰን ደወል ስልካችን ላይ እንድንሞላ መከረች። እናቱ አመሰገነች።

መልስ 23

የመጨረሻው መልስ ትናንት ነው የገባው። መልስ 1ን የጻፈው ትሁቱ ሰውዬ ነው። አሁንም እህቴ ይለኛል። ድመት ብትቧጭረውስ እንደዚሁ ነው ወይ ብሎ ጠይቋል። አዲስ ክር እንዲከፍት ነግሬዋለሁ። የእኔ የ14ኛው ቀን መርፌ ከነገ ወዲያ አርብ ነው።